ከሃንድአውት ፎቶ ወደ ኮርኔል ማስታወሻ

(በባሕር ዳር ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከልጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ከሌሊት ጀምሮ የወረደውን ዝናብ ችላችሁ፣ ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በጣና በኩል ካሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወደ መጨረሻው ላይ ስለሚያስፈልገን መጋረጃዎቹን እንዳትዘጉብኝ እለምናለሁ።

አሁን ስልካችሁን አውጡና የፎቶ ማኅደራችሁን ክፈቱ። በዚህ ሴሚስተር ያነሣችሁት የሃንድአውት ገጽ ስንት ነው? ሃምሳ? መቶ? ሁለት መቶ? ከዚያ ሁሉ ገጽ ካነሣችሁ በኋላ ተመልሳችሁ የከፈታችሁት ስንቱን ነው? ከከፈታችሁትስ ውስጥ ስልኩን ዘግታችሁ ለጓደኛችሁ ልታስረዱት የምትችሉት ስንቱን ነው? እጅ አውጡ አልልም፤ መልሱን ለራሳችሁ ያዙት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ስለ ፎቶው፣ ቀጥሎ ኮርኔል ስለሚባለው የማስታወሻ ወረቀት አከፋፈል፣ በመጨረሻም በወረቀቱ ግራ በኩል ስለሚጻፈው ጥያቄ። ብዙውን ጊዜ የምወስደው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱን አስተካክለው ሦስተኛውን የሚተዉ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ቁጥር ዕድገት የምንማርበት አንድ ኮርስ ነበር። ሃንድአውቱ የደረሰኝ በእጅ ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው፤ አንዱ አነሣው፣ ሌላው ከስክሪኑ ላይ በስክሪን ሾት ወሰደው፣ ሦስተኛው መልሶ ላከው። ገጹ ስለ እምቦጭ ነበር። እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በዘርም፣ ከእናት ተክሉ በሚወጣ ተንሳፋፊ ቀንበጥም ይራባል። በገጹ መካከል፣ እምቦጩ የሸፈነው ስፋት ከተወሰነ ቀን በኋላ ስንት እንደሚሆን የሚያሰላ ቀመር ነበረ፤ እኔም በደብተሬ ላይ በጥንቃቄ እንዲህ ብዬ ገለበጥኩት፦

```
N = N₀ × 2t/d
```

በዚህ ውስጥ N₀ መነሻው ስፋት፣ t ያለፈው ቀን፣ d ደግሞ ስፋቱ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሃንድአውቱ ምሳሌም ነበረው፦ መነሻው 100 ካሬ ሜትር፣ እጥፍ መሆኛው 14 ቀን ከሆነ፣ በ14ኛው ቀን 200፣ በ28ኛው ቀን 400 ይሆናል። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ አምን ስለነበር የገለበጥኩትን ቀመር በምሳሌው ፈተንኩት። በ14 ቀን ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት ነው፤ 200 መጣልኝ። በ28 ቀን ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው፤ 400 መጣልኝ። ልክ ነው ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ።

ፈተናው የጠየቀው ስለ 70ኛው ቀን ነበር። ሰባ ቀን አምስት አሥራ አራት ቀን ነው፤ ሁለት ጊዜ አምስት አሥር፤ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው መልስ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነበር። ዋናው ሃንድአውት ላይ t/d የተጻፈው ከ2 ጎን አልነበረም፤ ከ2 በላይ፣ በትናንሽ ፊደል፣ ኃይል ሆኖ ነበር የተቀመጠው፦

```
N = N₀ × 2^(t/d)
```

ሁለት በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ ሠላሳ ሁለት ነው፤ እኔ አሥር አልኩ። ልብ በሉ፦ ስህተቱ ሃንድአውቱ ምሳሌ ባደረጋቸው በሁለቱም ቀኖች ላይ አይታይም። ሁለት ጊዜ አንድም፣ ሁለት ኃይል አንድም ሁለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለትም፣ ሁለት ኃይል ሁለትም አራት ነው። የሚለያዩት ከሦስተኛው እጥፍ ጀምሮ ነው፤ አንዱ ስድስት፣ ሌላው ስምንት። ያን ዕለት ደጋግሜ ያጠናሁት፣ በንጹሕ ጽሕፈት ያሰፈርኩት፣ በምሳሌም ያረጋገጥኩት ነገር ስህተት ነበር። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ በሦስቱም ነጥቦች ላይ እመለስበታለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ፣ ወደ ፎቶው ልሂድ። ያ ኃይል የት ጠፋ? የጠፋው በመንገድ ላይ ነው። አንድ ተራ የስልክ ካሜራ የሚያነሣው ፎቶ በረጅሙ ጎኑ አራት ሺህ ያህል ፒክስል ይኖረዋል። የኤ ፎር ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ገጹ ፎቶውን ሞልቶ ከተነሣ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 135 ፒክስል ይደርሳል። ያው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ይጨመቃል፤ በተለምዶ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ያ ማለት በሴንቲ ሜትር 43 ብቻ ነው። ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ትንሽ ፊደል በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሃያ ፒክስል ነበረው፤ በሁለተኛው ስድስት ይቀርለታል። በስድስት ፒክስል ፊደሉ መኖሩ ይታይ ይሆናል እንጂ፣ ከመሥመሩ በላይ ይሁን ከጎን፣ ማን ሊለይ ይችላል? ዋናው ጽሑፍ ግን ጥርት ብሎ ስለሚነበብ ፎቶው ደኅና ይመስላል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የምትላላኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፋይል የተላከ አይጨመቅም። ስክሪን ሾት አታንሱ፤ ዋናውን ፋይል ከባለቤቱ ጠይቁ። ስታነሡ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን በኩል እንዲመጣ አድርጋችሁ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ፤ አራቱም ማዕዘኖችና የገጹ ቁጥር ይግቡ። ፍላሽ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ከሥሩ ያለውን ቃል ይበላዋል፤ አጥፉት። ካነሣችሁ በኋላ፣ ሃንድአውቱ ከእጃችሁ ሳይወጣ፣ በገጹ ላይ ካሉት ፊደሎች ሁሉ ትንሹን ፈልጋችሁ አጉሉት። ትንሹ ከተነበበ ትልቁ ይነበባል፤ ይህ ፍተሻ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ስም ስትሰጡም ቁጥሩን በሁለት አሃዝ ጻፉ፤ `p02.jpg`፣ `p03.jpg`፣ `p10.jpg` እንደማለት። ዜሮው ከሌለ በብዙ መሣሪያ ላይ አሥረኛው ገጽ ከሁለተኛው በፊት እየተደረደረ መንገድ ያስታችኋል። ስለ ፎቶ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ነጥብ የወረቀቱ አከፋፈል ነው። ኮርኔል የምንለው አጻጻፍ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ካለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፓውክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያዘጋጀው ነው። የኤ ፎር ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግራ ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ወደ ታች መሥመር አስምሩ፤ ይህ የጥያቄ ዓምድ ነው። የሚቀረው 15 ሴንቲ ሜትር የማስታወሻው ቦታ ነው። ከግርጌ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ አግድም አስምሩ፤ ይህ የማጠቃለያው ቦታ ነው። ማስመሪያ ከሌላችሁ በዓይን ገምቱት፤ ለሚሊ ሜትር አትጨነቁ። ብቻ የግራው ዓምድ አንድ ጥያቄ የሚችል ስፋት ይኑረው፤ ጠቦ አንድ ቃል ብቻ ከያዘ ርእስ መጻፊያ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማሁም። ይህ አጻጻፍ የተዘጋጀው መምህሩ ሲናገር እየሰማ ለሚጽፍ ተማሪ ነው። የመምህር ቃል ያልፋል፤ ተማሪው ሁሉን መጻፍ ስለማይችል ሳይወድ በግድ ይመርጣል፣ ያሳጥራል። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሃንድአውቱ ታትሟል፣ ፎቶው በእጃችን ነው፣ የሚያጣድፈን የለም። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? እንገለብጣለን። ከላይ እስከ ታች፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንገለብጣለን። እጅ ይደክማል፤ አእምሮ ግን አልሠራም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቃሉ ማለፉን ራሳችሁ ፍጠሩት። አንድ አንቀጽ ከፎቶው ላይ አንብቡ፤ ስልኩን በደረቱ ድፉት፤ ያነበባችሁትን በራሳችሁ አባባል በማስታወሻው ቦታ ጻፉ፤ ከዚያ ስልኩን አንሥታችሁ አመሳክሩ። በእኔ ልማድ አንድ የሃንድአውት ገጽ ከማስታወሻው ቦታ ሲሶውን ካለፈ እየገለበጥኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በአእምሮ የማይጻፉ ነገሮች አሉ፦ ቀመር፣ ቁጥር፣ መለኪያ፣ የሳይንስ ስም፣ ቃል በቃል የሚፈለግ ትርጓሜ። እነዚህን ስልኩ ክፍት ሆኖ ፊደል በፊደል ጻፏቸው፤ አጠገባቸውም የሃንድአውቱን ገጽ ቁጥር አስፍሩ። ያልተነበበ ነገር ሲገጥማችሁ አትገምቱ። በቦታው የጥያቄ ምልክት በቅንፍ አድርጋችሁ፣ የገጹን ቁጥር ጽፋችሁ እለፉ፤ በማግስቱ ዋናውን ከያዘ ጓደኛ ወይም ከመምህሩ ጠይቁ። እኔ ያን t/d ስጽፍ ዓይኔ አመንትቶ ነበር፤ ማመንታቴን ግን ወረቀቱ ላይ አላሰፈርኩትም። ያቺ የጥያቄ ምልክት ብትኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ልቡ ደርሰናል። የግራው ዓምድ ምን ይጻፍበት? ከተማሪዎች ወረቀት ላይ አብዝቼ የማየው «እምቦጭ»፣ «የዕድገት ቀመር»፣ «መንሥኤ» የሚሉ ቃላትን ነው። ይህ ርእስ ነው፤ ጥያቄ አይደለም። «የዕድገት ቀመር» የሚለውን አይታችሁ ማስታወሻውን ብትሸፍኑት አእምሯችሁ ምን ይላል? «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ይላል፤ ያልፋል። ርእስ ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ሁላችንም አዎ እንላለን። ጥያቄ ግን መልሱን አምጣ ይላል።

ከዚያ ከወደቅሁበት ገጽ ላይ ዛሬ ብጽፍ የምጽፈውን ላሳያችሁ። በማስታወሻው ቦታ ቀመሩ አለ፤ ፊደሎቹ ምን ምን እንደሆኑ፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ጊዜው በቀን መሆኑ ተጽፏል። በግራው ዓምድ፣ ልክ በቀመሩ ትይዩ፣ መጀመሪያ የምጽፈው ጥያቄ «ገና አንድ ቀን ሳያልፍ፣ t ዜሮ ሲሆን ስንት ይሆናል?» የሚል ነው። መልሱን ያለ ቀመርም ማንም ያውቀዋል፤ ምንም ጊዜ ካላለፈ የነበረው እንደነበረ ነው፤ 100 ነው። በትክክለኛው ቀመር ሁለት ኃይል ዜሮ አንድ ነውና 100 ይመጣል። እኔ በገለበጥኩት ግን ሁለት ጊዜ ዜሮ ዜሮ ነው፤ እምቦጩ በሙሉ ጠፋ! ሐይቁ ላይ በዓይናችን የምናየው እምቦጭ በወረቀቱ ላይ የለም። ምሳሌው ሁለት ጊዜ ያሳለፈውን ስህተት ይህች አንዲት ጥያቄ ወዲያው ትይዘው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምሳሌው ውስጥ የሌለ ቀን ቢሰጠኝ፣ ለምሳሌ በ42ኛው ቀን፣ ስንት ይሆናል?» የሚል ነው። ቀመር ሳልነካ እጥፍ እያደረግሁ እቆጥራለሁ፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800። የተሳሳተው ቀመር 600 ይላል። ሁለት መንገድ ሁለት መልስ ከሰጠ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ «ይህ ቀመር የማይሠራው መቼ ነው?» ይላል። መልሱ በሃንድአውቱ ግርጌ አንድ መሥመር ነበር፤ ቦታና ምግብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሐይቁ ወሰን አለውና እጥፍ መሆን ማብቂያ የሌለው አይደለም። እንዲህ ያለውን መሥመር የሚገለብጥ ሰው አልፎት ይሄዳል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ይፈልገዋል።

ጥያቄው በምን ቋንቋ ይጻፍ? ይህን ብዙ ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ሃንድአውቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ ምክር ጥያቄውን በአማርኛ፣ ማስታወሻውን በሃንድአውቱ ቃላት፣ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ እንድትጽፉ ነው። በአማርኛ መጠየቅ ያልቻልኩትን ነገር ገና አልተረዳሁትም፤ ማጠቃለያው ደግሞ ለፈተናው አጻጻፍ እጅ ማፍታቻ ይሆናል። በቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚያስብ በዚያው ይጠይቅ።

ጥያቄዎቹን በዚያው ቀን ማታ ጻፏቸው። ማጠቃለያው የሚጻፈው ግን ከሁሉ መጨረሻ፣ ስልኩም ማስታወሻውም ተሸፍኖ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለዚያ ገጽ የምጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «እምቦጭ በእኩል ጊዜ ውስጥ በእኩል መጠን አይጨምርም፤ በእኩል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ዘግይቶ ግን ይፈነዳል፤ ቦታና ምግብ ሲያልቅ ይገታል።» ይህን በራሱ አባባል የጻፈ ሰው፣ ቀመሩ በየ14 ቀኑ እኩል 200 እየጨመረ ሲሄድ ቢያይ ዝም ሊል አይችልም። የእኔ የተሳሳተ ቀመር በየ14 ቀኑ 200 ብቻ ነበር የሚጨምረው፤ እጥፍ መሆን የሚለውን ቃል ራሱን ይቃረን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማስታወሻውን በሌላ ወረቀት ሸፍኖ፣ ግራውን ብቻ እያዩ፣ መልሱን በቃል መናገር ነው። ጮክ ብሎ። አያቴ በዚሁ በጣና ዳርቻ የቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ቃል ትምህርት የሚባለውን ሲያጫውቱኝ፣ ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍም መብራትም ሳይኖር፣ መምህሩ የሚሰጧቸውን ተቀብለው መልሰው ይሉት እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። «በቃልህ ስትለው የምትሰናከልበትን ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ታውቀዋለህ፣ ልጄ፤ ስታነበው ግን አትሰናከልም» ይሉኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው፣ ከፊሎቹን እንደገና አስነበቡ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ጽሑፉን ወስደው የሚያስታውሱትን አስጻፏቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ በቃላቸው የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ፈተና ደግሞ በአምስት ደቂቃ አይመጣም።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ስለ ኮርኔል ቅርጽ ራሱ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ ጥቅም አግኝተውበታል፣ አንዳንዶቹ ከተራ ማስታወሻ ልዩነት አላዩበትም። እኔ አይደንቀኝም። መሥመር ማስመር ማንንም አያስተምርም፤ ዓምዱን አስምሮ ጥያቄውን ያልጻፈ፣ ጽፎም ሸፍኖ ያልመለሰ ሰው፣ ያለው የተሰመረ ወረቀት ነው። ለሁሉም ትምህርት እኩል አይሆንም። ረጅም የሒሳብ ማረጋገጫ 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲቆራረጥ ክሩ ይጠፋል፤ ለዚያ ሙሉውን ወረቀት ተጠቀሙና «ይህ ደረጃ ከቀደመው በምን ምክንያት ተገኘ?» የሚለውን ብቻ በጠርዙ ጻፉ። ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ የዓሣን አካል ሥዕል ያለ ስም ሣሉት፣ ስሞቹን ግራ ላይ በቁጥር ጠይቁ።

አንድ ወንድማችን ከመግባቴ በፊት በር ላይ ያዘኝና «የእኔ ፎቶዎች ሁሉ በቴሌግራም የመጡ የተጨመቁ ናቸው፤ ዋናው ሃንድአውትም የለም፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሁላችሁም ልመልስ። ጽሑፉን ተጠቀምበት፤ ቀመሮቹንና በግርጌ ወይም በራስ ላይ ያሉ ትናንሽ ቁጥሮችን ግን አንዱንም ሳታጣራ አትመን። ለእያንዳንዱ ቀመር ዜሮ አስገባ፤ አንድ አስገባ፤ ምሳሌው ያልነካውን ቁጥር አስገባ፤ መለኪያው በሁለቱም ወገን እኩል መምጣቱን ተመልከት። ይህን ያላለፈውን ጽፈህ ወደ መምህሩ ሂድ። ሃያ ገጽ ይዞ «አልገባኝም» ከሚል ተማሪ ይልቅ «ገጽ 3 ላይ ይህ ከላይ ነው ወይስ ከጎን?» ለሚል ተማሪ መምህር በደስታ ይመልሳል።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ከፊት ለፊታችሁ አንድ አንድ ገጽ ተቀምጧል፤ ስለ ጣና ዓሦች ነው፤ ሁለት ቀመርና አንድ ሥዕል አለበት። በቀኝ በኩል ያላችሁ ወደ መስኮቶቹ ጠጋ በሉና ብርሃኑን በጎን አድርጋችሁ አንሡት። ትንሹን ፊደል አጉልታችሁ ለጎረቤታችሁ አሳዩ፤ ጎረቤታችሁ ካነበበው ብቻ ገጹን በፊቱ ድፉት። ከዚያ ማስመሪያውን ከግራ ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉ።